መጋዘኑ ሲደውል ማን ይነሳል?

መድኃኒት አስመጥቶ ለፋርማሲዎችና ለክሊኒኮች የሚያከፋፍል አንድ መካከለኛ ድርጅት በምሳሌነት እንውሰድ። ዋና መጋዘኑ ቃሊቲ ነው፤ ከተማ ውስጥ ደግሞ አራት መሸጫዎች አሉት። መጋዘኑ ውስጥ ያሉት ሁለት ቀዝቃዛ ክፍሎች ኢንሱሊን፣ ክትባትና ሌሎች ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ውስጥ መቆየት ያለባቸውን መድኃኒቶች ይይዛሉ። ባለቤቱ ጠንቃቃ ሰው ናቸውና ገንዘብ አውጥተው የክትትል ሲስተም አስተክለዋል። ሲስተሙ ሙቀቱን፣ መብራቱን፣ ጄኔሬተሩን፣ ካሜራዎቹን፣ ኢንተርኔቱንና የመሸጫዎቹን ሽያጭ ቀን ከሌት ይከታተላል። አንድ ነገር ከመስመር ሲወጣ ለአንድ የቴሌግራም ግሩፕ መልእክት ይልካል። ግሩፑ ውስጥ 14 ሠራተኞች አሉ።

መብራት ሄደ እንበል። የክትትል ሳጥኑ የራሱ ባትሪና ሲም ካርድ ስላለው መልእክቶቹን ማውጣቱን አያቆምም። መጀመሪያ የመብራቱን መቋረጥ ይናገራል። ቀጥሎ ዩፒኤሱ ወደ ባትሪ መዞሩን ይጽፋል። ሁለቱ ኮምፕሬሰሮች ቆሙ፤ አራቱ ማራገቢያዎች ቆሙ፤ ስምንቱ ካሜራዎች አንድ በአንድ ጠፉ፤ ራውተሩ ጠፋ፤ የሽያጭ ሰርቨሩ አልተገኘም፤ ሦስት የመሸጫ ኮምፒውተሮች ከሰርቨሩ ጋር ተለያዩ፤ ሁለቱ የኤሌክትሪክ በሮች ተከፈቱ። በሁለት ደቂቃ ውስጥ 23 መልእክት ሆነ። ብዙውን ጊዜ ጄኔሬተሩ በሰኮንዶች ውስጥ ራሱ ይነሳና ሌላ 23 «ተመልሷል» የሚል መልእክት ይከተላል። ማንም ከመቀመጫው አልተነሳም፤ መነሳትም አላስፈለገውም።

ይህ በሳምንት ሦስት አራት ጊዜ ሲደጋገም ሠራተኞቹ የግሩፑን ድምፅ ያጠፋሉ። ማንም ቢሆን ያንኑ ያደርግ ነበር። ሥራ ፈት ስለሆኑ ወይም ስለ ድርጅቱ ስለማይጨነቁ አይደለም። መልእክቶቹ ራሳቸው ምንም እንደማይፈልጉባቸው ደጋግመው አስተምረዋቸዋል። ችግሩ የሚመጣው 24ኛ መልእክት በተጨመረበት ሌሊት ነው። «ጄኔሬተር አልተነሳም» ይላል፤ በካሜራዎቹና በማራገቢያዎቹ መካከል ተሰንቅሮ ይቀራል።

ነገሩ በኢንዱስትሪ ታሪክ በደንብ የተመረመረ ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 24 ቀን 1994 በዌልስ ሚልፎርድ ሄቨን በነበረው የቴክሳኮ ነዳጅ ማጣሪያ ውስጥ ከባድ ፍንዳታ ደረሰ። ጠዋት የጣለው መብረቅ የቀላቀለ ዝናብ የማጣሪያውን ሥራ አውኮት ስለነበር ኦፕሬተሮቹ ለሰዓታት ሲታገሉ ቆይተዋል። በመጨረሻዎቹ 11 ደቂቃዎች ብቻ ሁለቱ ኦፕሬተሮች 275 ማንቂያዎች ደርሰዋቸዋል፤ በአማካይ በየሁለት ሰኮንድ ተኩል ገደማ አንድ ማለት ነው። አንድ ታንክ ከልክ በላይ እየሞላ መሆኑን የሚናገረው ማንቂያ በዚያ ጎርፍ ተውጦ ቀረ። 20 ቶን ያህል ተቀጣጣይ ነገር አምልጦ ፈነዳ፤ 26 ሰዎች ቆሰሉ። የእንግሊዝ የሥራ ደኅንነት ባለሥልጣን ሲመረምር ካገኛቸው ነገሮች ሁሉ እኔን ይበልጥ የሚያስገርመኝ አንድ ቁጥር አለ። በሲስተሙ ላይ ከነበሩት 2,040 ማንቂያዎች 87 ከመቶው «ከፍተኛ» የሚል ደረጃ ተሰጥቷቸው ነበር። ሁሉም አስቸኳይ ከሆነ ኦፕሬተሩ የትኛውን ያስቀድም?

ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣውና ዛሬም የማጣሪያዎችና የኃይል ማመንጫዎች መመሪያ የሆነው የኢ.ኢ.ኤም.ዩ.ኤ. 191 ሰነድ መጠኑን ገለበጠው። ከማንቂያዎቹ 5 ከመቶ ያህሉ ከፍተኛ፣ 15 ከመቶው መካከለኛ፣ 80 ከመቶው ዝቅተኛ ይሁኑ ይላል። ስክሪን ፊት ተቀምጦ የሚጠብቅ ኦፕሬተርም በአማካይ በ10 ደቂቃ ከአንድ ማንቂያ በላይ እንዳይደርሰው ይመክራል። የመጋዘናችን ቴክኒሻን ግን ስክሪን ፊት አልተቀመጠም፤ ቀን ሌላ ሥራ አለው፣ ማታ ይተኛል። ለእሱ ልኩ ከዚህ እጅግ ያነሰ መሆን አለበት። ጎግል የኮምፒውተር ሲስተሞቹን የሚጠብቁ ተረኞች በ12 ሰዓት ፈረቃ ከሁለት በላይ ችግር እንዳይገጥማቸው ያዘጋጀው ልክ ለመነሻ ይጠቅማል።

ተነስቶ ምን ያደርጋል?

ደረጃ ሲሰጥ አብዛኛው ሰው የሚጀምረው «ይህ ነገር ምን ያህል ያስፈራል?» ከሚል ጥያቄ ነው። በዚህ መንገድ ከተሄደ ሁሉም ነገር አስፈሪ ይሆንና ወደ ሚልፎርድ ሄቨን እንመለሳለን። የሚሻለው ጥያቄ ሌላ ነው፦ መልእክቱ የደረሰው ሰው ተነስቶ ምን ያደርጋል? እስከ መቼስ ካላደረገው ነው ጉዳቱ የሚደርሰው? ለሁለቱ መልስ የሌለው ማንቂያ ወደ ሰው ስልክ መሄድ የለበትም።

ለመጋዘናችን ሦስት ደረጃዎች ይበቃሉ። አንደኛው ደረጃ በማንኛውም ሰዓት ስልክ ይደውላል፤ አንድ ሰው በሰዓት ወይም በሁለት ሰዓት ውስጥ በእጁ አንድ ነገር ካልሠራ መድኃኒት ይበላሻል። ሁለተኛው በሥራ ሰዓት ለሚመለከተው ሰው በጽሑፍ ይደርሳል፤ ዛሬ ወይም ነገ መታየት አለበት። ሦስተኛው ማንንም አይጠራም፤ ተመዝግቦ ጠዋት በአንድ ገጽ ማጠቃለያ ይወጣል።

አሁን 23ቱን መልእክቶች በዚህ ሚዛን እናስቀምጣቸው። የመብራት መሄድ ራሱ ስንተኛ ደረጃ ነው? ብዙዎች «አንደኛ» ይላሉ። ግን መብራት ሲሄድ ቴክኒሻኑ ምንም አያደርግም፤ ሥራውን የሚሠራው ጄኔሬተሩ ነው። ስለዚህ መብራት መሄዱ ሦስተኛ ደረጃ ሆኖ ይመዘገባል። አንደኛ ደረጃ የሚሆነው «መብራት ከሄደ ሁለት ደቂቃ አልፎ ጄኔሬተሩ ኃይል አልሰጠም» የሚለው ነው። ሁለት ነገሮች ተጣምረው አንድ ማንቂያ ሆኑ፤ በሳምንት አራት ጊዜ ይጮህ የነበረው ደግሞ በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ የሚደውል ሆነ። የጄኔሬተሩ ናፍጣ ከሩብ ታንክ በታች መውረዱ ሁለተኛ ደረጃ ነው። አንድ ካሜራ ለአንድ ቀን መጥፋቱም እንደዚያው።

ሙቀቱ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ብዙ ሲስተሞች የሚሳሳቱት እዚህ ነው። የክፍሉን አየር የሚለካ ሴንሰር ሠራተኞች ዕቃ ሲያስገቡ በሩ በተከፈተ ቁጥር 9 ወይም 10 ዲግሪ ያሳያል። መድኃኒቱ ግን አልሞቀም። አየሩ በደቂቃዎች ውስጥ ይለዋወጣል፤ በካርቶን ውስጥ ያለ ጠርሙስ ለመሞቅ ብዙ ጊዜ ይፈጅበታል። መፍትሔው ሁለት ነው። ሴንሰሩን ግላይኮል በሚባል ፈሳሽ በተሞላ ትንሽ ጠርሙስ ውስጥ መንከር፤ ያኔ የሚለካው የመድኃኒቱን ዓይነት ሙቀት ይሆናል። ሁለተኛው ማዘግየት ነው፦ ልኬቱ ከመስመሩ ወጥቶ ለተወሰነ ደቂቃ ካልቆየ ማንቂያው አይጮህም።

የማዘግየቱ ጊዜ ግን ለሙቀትና ለቅዝቃዜ አንድ ዓይነት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የክትባት ፍሪጆች ውስጥ ለሚቀመጡ መመዝገቢያዎች ያወጣው መስፈርት ይህን ያሳያል። ሙቀቱ ከ8 ዲግሪ በላይ ሆኖ 10 ሰዓት ሲቆይ ማንቂያ ይመዘገባል፤ ከዜሮ በታች 0.5 ዲግሪ ሲወርድ ግን 60 ደቂቃ ይበቃል። ምክንያቱም ብዙ ክትባቶች ለሰዓታት መጠነኛ ሙቀት ሲያገኛቸው አቅማቸው ቀስ በቀስ ይቀንሳል እንጂ ወዲያው አይጠፋም። የጉበት በሽታ ቢ ዓይነትና አምስት በሽታዎችን የሚከላከለው የሕፃናት ክትባት ግን አንዴ በረዶ ከሠሩ አለቀላቸው፤ ቢቀልጡም አይመለሱም። ኢንሱሊንም በረዶ ከነካው ይጣላል። ሰዎች በተፈጥሯቸው የሚፈሩት ሙቀትን ነው። ብርድ ግን ከዚያ ይበልጥ ፈጥኖ ያበላሻል፤ ደግሞም ድምፅ የለውም፤ ኮምፕሬሰሩ መቆም ሲገባው ሳይቆም ሲቀር ሁሉም ነገር የሚሠራ ይመስላል።

እነዚያ የዓለም ጤና ድርጅት ቁጥሮች ጉዳት ደርሶ እንደሆነ ለመመዝገብ የታሰቡ ናቸው። ጉዳት እንዳይደርስ ሰው ለመጥራት ከዚያ ቀድሞ መደወል ያስፈልጋል። ስለዚህ መጋዘናችን በጠርሙሱ ውስጥ ያለው ሴንሰር ከ7 ዲግሪ በላይ ለ15 ደቂቃ ሲቆይ፣ ወይም ከ2 ዲግሪ በታች ለ10 ደቂቃ ሲቆይ አንደኛ ደረጃ ጥሪ ያደርጋል። ለመጀመሪያው የሰውየው ሥራ ኮምፕሬሰሩን ወይም ኃይሉን ማስነሳት ነው፤ ለሁለተኛው ደግሞ ኮምፕሬሰሩን ማጥፋት።

ሃያ ሦስቱን አንድ ማድረግ

ጄኔሬተሩ በእርግጥ ያልተነሳበት ሌሊት ይምጣ። ቴክኒሻኑ እንዲደርሰው የምንፈልገው አንድ መልእክት ነው፦ «ቃሊቲ መጋዘን፦ መብራት ከሌሊቱ 8፡10 ጀምሮ የለም፤ ጄኔሬተር አልተነሳም። ክፍል አንድ 4.8 ዲግሪ፣ ክፍል ሁለት 5.1 ዲግሪ። ሌሎች 22 ነገሮች ከዚሁ ጋር ቆመዋል።» ይህን አንብቦ የትኛው ቦታ፣ ምን እንደሆነ፣ ምን ያህል ጊዜ እንዳለው ያውቃል።

እዚህ የሚደረሰው በሁለት ሥራ ነው። አንዱ ማሰባሰብ ነው። ሲስተሙ የመጀመሪያውን ምልክት ሲያይ ወዲያው አይልክም፤ 30 ሰኮንድ ወይም አንድ ደቂቃ ይታገሣል፤ በዚያ ጊዜ ከአንድ ቦታ የመጡትን ሁሉ በአንድ መልእክት ያጠቃልላል። የማሰባሰቢያው ቁልፍ «ቦታ» መሆን አለበት። አንዳንዶች በዓይነት ያሰባስባሉ፤ የካሜራዎችን ከካሜራዎች፣ የሙቀቱን ከሙቀት። ያኔ የቃሊቲ ቀዝቃዛ ክፍልና የአንድ መሸጫ ፍሪጅ በአንድ መልእክት ይገቡና ሁለተኛው ችግር በመጀመሪያው ጥላ ሥር ይጠፋል።

ሌላው አፍ ማስያዝ ነው። ዋናው ምክንያት እየታወቀ የእሱ ውጤቶች ለብቻቸው አይጮኹም፦ መጋዘኑ መብራት ከሌለው የመጋዘኑ ካሜራዎችና ማራገቢያዎች ዝም ይላሉ። ይህ ደንብ ጠቃሚ የሆነውን ያህል አደገኛም ነው። በምንም ምክንያት አፉ መያዝ የሌለበት አንድ ነገር አለ፤ እሱም የመድኃኒቱ ሙቀት ነው። አንድ ሰው ቸኩሎ «መብራት ከሌለ የመጋዘኑ ማንቂያዎች ሁሉ ዝም ይበሉ» ብሎ ቢጽፍ፣ ጄኔሬተሩ ተነስቶ አንዱ ኮምፕሬሰር ሳይነሳ የቀረበት ቀን ሙቀቱ ወደ 12 ዲግሪ ሲወጣ ማንም አይሰማም። መብራቱ ገና አልተመለሰማ! እንዲህ ያለ ስህተት የሚታወቀው በአንድ መንገድ ብቻ ነው፤ ደንቡን ጮክ ብሎ እያነበቡ «ይህ ደንብ ሲሠራ ምን አይሰማንም?» ብሎ በመጠየቅ።

ዝምታ ለማን፣ ከስንት እስከ ስንት

የጸጥታ ሰዓት አንደኛ ደረጃን አይነካም። ሁለተኛ ደረጃ የሆኑትን ግን ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ያቆያቸዋል። ናፍጣው ሩብ ታንክ መድረሱ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ለማንም አይረባም፤ ማደያውም ዝግ ነው። ጠዋት ላይ ችግሩ ካለ መልእክቱ ይደርሳል፤ ሌሊት ራሱ ከተስተካከለ ደግሞ በጠዋቱ ማጠቃለያ ውስጥ አንድ መስመር ሆኖ ይቀራል።

እዚህ እኛ አገር የሚያጋጥም ወጥመድ አለ። ሲስተሙን የሚያዘጋጀው ሰው «3» እና «12» ብሎ ከጻፈ ማሽኑ የሚረዳው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ጸጥታው ከሌሊቱ 9 ሰዓት እስከ ቀኑ 6 ሰዓት ይሆናል። በትክክል 21:00 እና 06:00 ብሎ ጽፎም የሰዓት ክልሉን ሳይናገር ከተወው፣ ብዙዎቹ ሲስተሞች የዓለም አቀፉን ሰዓት ስለሚይዙ ሦስት ሰዓት ይንሸራተታል፤ ከሌሊቱ 6 እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት ዝም ይላል። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ማምሻውን ተራ መልእክቶች ይጮኻሉ፣ ጠዋት ቢሮ ተገብቶ ግን ምንም አይሰማም። በነጻ በሚገኘው አለርትማኔጀር በተባለው ፕሮግራም ትክክለኛው አጻጻፍ ይህ ነው፦

```yaml
time_intervals:
  - name: quiet
    time_intervals:
      - times:
          - start_time: "21:00"
            end_time: "24:00"
          - start_time: "00:00"
            end_time: "06:00"
        location: "Africa/Addis_Ababa"
```

እኩለ ሌሊትን የሚሻገር አንድ ክልል ስለማይቀበል ለሁለት መከፈሉን ልብ ይሏል።

በዓላትም የራሳቸው ነገር አላቸው። ሲስተሙ የአራቱን መሸጫዎች ሽያጭ ይከታተላል፤ በሥራ ሰዓት አንድ መሸጫ ለ40 ደቂቃ ምንም ካልሸጠ ሁለተኛ ደረጃ መልእክት ይልካል። ጥሩ ክትትል ነው፤ የመሸጫው ኮምፒውተር ወይም የሞባይል ክፍያው ቢቋረጥ መጀመሪያ የሚታየው በዚህ ነው። ግን ከውጭ የመጣ ፕሮግራም መስከረም 1ን፣ ገናንና ጥምቀትን አያውቅም፤ ፋሲካና ዒድ ደግሞ በየዓመቱ ቀናቸው ይለዋወጣል። የበዓል ቀኖቹን በዓመቱ መጀመሪያ አንድ ሰው ማስገባት አለበት። እሑድንም ከማክሰኞ ጋር ማነጻጸር አይገባም፤ የዛሬው እሑድ የሚለካው ባለፉት እሑዶች ነው።

ስልኩን ማን ያነሳል?

የ14ቱ ሰዎች ግሩፕ ትልቁ ጉድለት ይህ ነው፦ መልእክቱን ሁሉም ያዩታል፣ ሁሉም ሌላው የተነሳ ይመስላቸዋል። ሌሊት 14 ሰው ዘንድ የደረሰ መልእክት ማንም ዘንድ አልደረሰም። አንደኛ ደረጃ ጥሪ በየሰዓቱ ባለቤቱ የታወቀ መሆን አለበት፤ እሱ ካልመለሰ ወደ ማን እንደሚያልፍ ደግሞ አስቀድሞ ተጽፎ መቀመጥ አለበት።

መሰላሉ ስንት ደረጃ እንዲኖረው፣ በደረጃዎቹ መካከልም ስንት ደቂቃ እንዲሆን በግምት አይወሰንም፤ ከኋላ ተነስቶ ይሰላል። መጀመሪያ መለካት ያለበት ክፍሉ ራሱ ነው። መድኃኒቱ ወደ ሌላኛው ክፍል በተዛወረበት ቀን በክፍሉ ውስጥ ውኃ የያዙ ጠርሙሶች ይደረደራሉ፣ በሩ ተዘግቶ ኮምፕሬሰሩ ይጠፋል፤ ከ5 ዲግሪ ወደ 8 ለመድረስ የሚፈጀው ጊዜ ይያዛል። ይህ እንደ ክፍሉ ስፋት፣ እንደ ግድግዳው ውፍረትና እንደ ዕቃው ብዛት ይለያያልና ከሌላ ድርጅት ቁጥር መዋስ አይቻልም። በምሳሌያችን 100 ደቂቃ ሆነ እንበል። ቴክኒሻኑ ሌሊት ከቤቱ ቃሊቲ ለመድረስ 40 ደቂቃ ይፈልጋል፤ ለሥራው 15 ደቂቃ እንተውለት። የቀረው 45 ደቂቃ ነው። ሰው እስኪገኝ ድረስ የምናባክነው ጊዜ ከዚያ መብለጥ አይችልም።

በዚህ መሠረት መብራት በሄደ በሁለተኛው ደቂቃ ሲስተሙ ለተረኛው ቴክኒሻንና ለመጋዘኑ የሌሊት ጥበቃ ይደውላል። በ12ኛው ደቂቃ ተረኛው ካልመለሰ ወደ ተጠባባቂው ቴክኒሻን ያልፋል። በ22ኛው ወደ መጋዘኑ ኃላፊ ፋርማሲስት፣ በ32ኛው ወደ ባለቤቱ። ባለቤቱ መጨረሻ ላይ የተቀመጡት ለክብራቸው አይደለም፤ መድኃኒቱን በማቀዝቀዣ መኪና ወደ ሌላ ቦታ ለማዛወር መወሰን የሚችሉት እሳቸው ስለሆኑ ነው። እሳቸውም ካልመለሱ ጥሪው ከመጀመሪያው ይጀምራል እንጂ አይቆምም።

ጥበቃውን ከመጀመሪያዎቹ መካከል ያስገባነው በቦታው ያለው እጅ የእሳቸው ብቻ ስለሆነ ነው። ብዙ ድርጅቶች ይህን ይዘነጋሉ፤ መሰላሉን በሹመት ቅደም ተከተል ይሠሩና በአጥር ውስጥ ያሉትን ሰው ይረሳሉ። ጄኔሬተር የማይነሳባቸው ምክንያቶች ጥቂት ናቸው፤ የማስነሻ ባትሪው ይሞታል፣ ናፍጣ ያልቃል፣ የአደጋ ማቆሚያው ቁልፍ ተጭኖ ይቀራል፣ ወይም ጥገና ተደርጎለት ወደ AUTO ሳይመለስ ይቀራል። የመጨረሻዎቹን ሁለቱን በስልክ ማስተካከል ይቻላል።

«ጋሼ፣ የጄኔሬተሩ ድምፅ ይሰማዎታል?»

«የለም ልጄ፣ ጭር ብሏል።»

«ሳጥኑን ይክፈቱልኝ፤ ትንሽ ስክሪን አለች። በስተግርጌዋ ካሉት ቁልፎች የትኛው በርቷል?»

«ግራ በኩል ያለችው፣ የእጅ ምስል ያላት።»

«ከጎኗ AUTO የሚለውን አንዴ ይጫኑት፤ ከዚያ ራቅ ይበሉ፣ ራሱ ይነሳል።»

ቴክኒሻኑ ከአልጋው ሳይወርድ ችግሩ አለቀ። ይህ እንዲሆን ጥበቃው ሳጥኑን ቀን ላይ አንድ ጊዜ ከፍተው ማየት፣ ቁልፉም እጃቸው ላይ መኖር አለበት።

መልስ ሰጠ የሚባለው ደግሞ ስልኩን ያነሳ ሰው አይደለም። ከእንቅልፉ ሳይነቃ «እሺ» ብሎ የሚዘጋ ሰው አለ። ስለዚህ ጥሪው ቁጥር እንዲጫን ይጠይቃል፤ የተጫነው ቁጥር «እኔ ይዤዋለሁ» ማለት ነው፤ ያኔ ሌሎቹ እንዲተኙ ይተዋሉ። ይህ ኃላፊነትም ጊዜ አለው። ከ40 ደቂቃ በኋላ ኃይሉ ካልተመለሰ ወይም ሙቀቱ መውጣቱን ካላቆመ ጥሪው እንደገና ይነሳና ወደ ቀጣዩ ሰው ያልፋል። መኪናው መንገድ ላይ ተበላሽቶበት ሊሆን ይችላል።

ተረኝነቱ በሳምንት ይዞር፤ ማን መቼ እንደሆነም ከአንድ ወር በፊት ይታወቅ። ሌሊት የተነሳ ሰው ጠዋት ዘግይቶ እንዲገባ ወይም የተረኝነት ክፍያ እንዲያገኝ ማድረግ ደግሞ በእኔ እምነት የሲስተሙ አካል ነው። በነጻ የሚነቃ ሰው ውሎ አድሮ ስልኩን ማጥፋቱ አይቀርም፤ ከዚያ በኋላ የቱንም ያህል ጥሩ ደረጃና ማሰባሰቢያ ቢሠራ ዋጋ የለውም።

ይህ ሁሉ ከተዘረጋ በኋላ ሰኞ ጠዋት ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል። ቴክኒሻኑና ፋርማሲስቷ ያለፈውን ሳምንት ጥሪዎችና መልእክቶች ዝርዝር ይዘው እያንዳንዱ ላይ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቃሉ፦ በዚህ ምክንያት ሰው የሠራው ነገር አለ? «በር ተከፍቷል» የሚለው በሳምንት 61 ጊዜ መጥቶ አንዴም ማንንም ካላስነሳ፣ በሩ ለ15 ደቂቃ ሳይዘጋ ከቆየ ብቻ እንዲመጣ ይደረጋል። ሦስት ሳምንት ተከታትሎ ሥራ ያላስከተለ ሁለተኛ ደረጃ ማንቂያ ወደ ሦስተኛ ይወርዳል። በተቃራኒው ደግሞ አንድ ችግር ሰው በዓይኑ አይቶ ደርሶበት ሲስተሙ ዝም ብሎ ከነበረ፣ ያ ከሁሉም በላይ መመርመር ያለበት ነው። የሚጨመር ማንቂያ ካለም ማን ምን እንደሚያደርግበት ካልተጻፈ አይጨመር።

በወር አንድ ጊዜ ደግሞ መፈተን ያስፈልጋል። በሥራ ቀን፣ ቴክኒሻኑና ፋርማሲስቷ ብቻ እያወቁ ጄኔሬተሩ ከ AUTO ይወጣና የመጋዘኑ ዋና ማብሪያ ይጠፋል። ከዚያ ሰዓት ይያዛል። እንዲህ ያለ ሙከራ የሚያወጣቸው ችግሮች አብዛኛውን ጊዜ ትንንሽ ናቸው። የጥበቃው ስልክ ቁጥር ተቀይሯል፣ አዲሱ ግን አልገባም። የተረኛው ስልክ ማታ ማታ ድምፅ እንዲያጠፋ ተዘጋጅቷል፤ የሲስተሙን ቁጥር ለይቶ እንዲያስገባ አልተነገረውም። ወይም ደግሞ የክትትል ሳጥኑ ሲም ካርድ ውስጥ ያለው ሂሳብ አልቋል፣ ወይም የፓኬጁ ጊዜ አልፎበታል። የመጨረሻው ከሁሉም የከፋ ነው፤ ሳጥኑ ዝም ሲል ሁሉ ሰላም ይመስላልና። ስለዚህ ሳጥኑ በየአምስት ደቂቃው ከመጋዘኑ ውጭ ላለ ሌላ ኮምፒውተር «አለሁ» የሚል ምልክት ይላክ። ምልክቱ ለ15 ደቂቃ ሲቋረጥ ያ የውጭ ኮምፒውተር ራሱ ለተረኛው ይደውላል። ይህም አንደኛ ደረጃ ነው።